27 ሜትር ዳገት ስንት ሜትር ሜዳ ይሆናል?

በቦስተን ማራቶን 33ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ኒውተን በምትባለው ከተማ ውስጥ፣ አስፋልቱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። የዳገቱ ርዝመት 600 ሜትር ገደማ ነው። ከሥሩ እስከ ጫፉ ያለው የከፍታ ልዩነት 27 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ይህም ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ እንጦጦ ማርያም በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ዳገት ብሎ ለመጥራት እንኳ ያመነታ ይሆናል። አሜሪካውያን ግን ልብ ሰባሪው ኮረብታ ይሉታል። ስሙ የመጣው ከ1936ቱ ውድድር ነው። ያለፈው ዓመት አሸናፊ ጆን ኬሊ፣ ሲመራ የነበረውን ኤሊሰን ብራውንን እዚህ ዳገት ላይ ደርሶበት ሲያልፍ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ብራውን በዚህ እልህ ተጋብቶ ተፈተለከና ውድድሩን አሸነፈ። የቦስተን ግሎብ ጋዜጠኛ ጄሪ ኔሰንም ዳገቱ የኬሊን ልብ እንደሰበረ ጻፈ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ዛሬም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሯጮች እዚያ ሲደርሱ ሰዓታቸውን አይተው ይደነግጣሉ። ፍጥነታቸው ወርዷል። መውረድ የነበረበት ያህል ነው የወረደው ወይስ ከዚያ በላይ? ይህን ለመመለስ ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። አንደኛው ዳገቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ሁለተኛው እያንዳንዱ የወጣነው ሜትር ምን ያህል እንደሚያስከፍለን ነው።

የመጀመሪያው ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አያልፍም። የወጣነውን ከፍታ ለሄድነው ርቀት ማካፈል፣ ከዚያ በ100 ማባዛት ነው።

```
ዳገት በመቶ = ከፍታ (ሜትር) ÷ ርቀት (ሜትር) × 100
27 ÷ 600 × 100 = 4.5
```

ልብ ሰባሪው ኮረብታ 4.5 በመቶ ዳገት ነው። በየ100 ሜትሩ አራት ሜትር ተኩል ከፍ ይላል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳተው በመለኪያው ነው። የእጅ ሰዓት ርቀትን በኪሎ ሜትር፣ ከፍታን ግን በሜትር ያሳያል። 27ን ለ0.6 ያካፈለ ሰው 45 ያገኛል፤ ያንን እንደ በመቶ ከወሰደው ኮረብታውን ግድግዳ አደረገው። ሁለቱም ሜትር መሆን አለባቸው።

በመቶና ዲግሪም ይምታታሉ። 4.5 በመቶ የሚሆነው 2.6 ዲግሪ ብቻ ነው። 100 በመቶ ዳገት ደግሞ ብዙዎች እንደሚገምቱት ቀጥ ያለ ገደል አይደለም፤ 45 ዲግሪ ነው። የመሮጫ ማሽን ላይ 5 ብለን የምንጫነው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በመቶ እንጂ ዲግሪ አይደለም።

ሒሳብ አዋቂ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሳ ይሆናል። በትክክለኛው አገላለጽ ርቀቱ መሆን ያለበት አግድም የተለካው ነው፤ እግራችን የሚሄደው ግን በተንጋደደው አስፋልት ላይ ነው። ልዩነቱ አለ፣ ግን በመንገድ ሩጫ ላይ አያሳስብም። በልብ ሰባሪው ኮረብታ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 30 በመቶ የሆነ የተራራ ዱካ ላይ ሲደርስ ግን 1000 ሜትሩ አግድም መንገድ በእግር 1044 ሜትር ይሆናል፤ ያኔ መጠንቀቅ ይገባል።

ሰዓትም ስልክም የሌለው ሰው ከግንበኛ ውሃ ልክ ተውሶ ዳገትን መለካት ይችላል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ ይፈልግ። የጣውላውን አንድ ጫፍ በላይኛው በኩል መሬት ላይ ያሳርፍና፣ ሌላውን ጫፍ ውሃ ልኩ እኩል እስኪሆን ድረስ ከመሬት ያንሳው። ከተነሳው ጫፍ እስከ መሬት ያለው ክፍተት በሴንቲ ሜትር ሲለካ፣ ቁጥሩ ራሱ በመቶው ነው። 4.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት 4.5 በመቶ ነው፤ ማካፈልም አያስፈልግም። ጉድጓድና ጉብታ እንዳያሳስት በአምስት ስድስት ቦታ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው። እውነቱን ለመናገር ለአጭር ዳገት ከብዙ ውድ ሰዓቶች ይልቅ ይህን ጣውላ አምናለሁ።

ምክንያቱም ሰዓት ከፍታ ላይ ደካማ ነው። ከሳተላይት የሚገኘው ከፍታ፣ ቦታን ከሚያሳየው መረጃ ይልቅ ስህተቱ ሰፊ ነው። የተሻሉት ሰዓቶች የአየር ግፊት መለኪያ አላቸው። ወደ ላይ ስንወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ከቅናሹ ተነስቶ ከፍታውን ያሰላል። ይህ ትንንሽ ለውጦችን ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ነገር ግን ግፊቱ የሚለዋወጠው በዳገት ብቻ አይደለም፣ በአየር ጠባይም ነው። ደመና ሲመጣና ግፊት ሲወርድ ሰዓቱ ዝም ብሎ የቆመውን ሰው ዳገት የወጣ ያስመስለዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ አንድ ሄክቶፓስካል የምትሆን ትንሽ የግፊት ለውጥ 11 ሜትር ያህል ከፍታ ሆና ትታያለች። ሰዓቱ እንደሳተ የሚታወቅበት ቀላል መንገድ አለ። ሩጫውን ከጀመሩበት ቦታ ላይ ጨርሰው የመነሻውንና የመድረሻውን ከፍታ ማስተያየት ነው። ቦታው አንድ ሆኖ ቁጥሩ ከተለያየ፣ መሃል ላይ ያሉት ሁሉ ይጠረጠራሉ።

አምስት ሜትር ስህተት ምን ያደርጋል? በልብ ሰባሪው ኮረብታ ላይ 27 የነበረው 22 ወይም 32 ቢሆን፣ ዳገቱ 3.7 ወይም 5.3 በመቶ ይሆናል። ይህ ይቻላል። በ100 ሜትር ርዝመት ላይ አምስት ሜትር ለሚወጣ አጭር ዳገት ግን ያው ስህተት ውጤቱን ከዜሮ እስከ 10 በመቶ ያላጋዋል። ስለዚህ አጭር ዳገት ላይ ሰዓቱ በየሰከንዱ የሚያሳየውን በመቶ መከተል ትርጉም የለውም።

ከመለኪያው ስህተት የባሰው ግን የአካፋዩ ስህተት ነው። አንድ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሲጨርስ ስልኩ ጠቅላላ የወጣው ከፍታ 120 ሜትር ነው ቢለው፣ 120ን ለ10,000 አካፍሎ መንገዱ 1.2 በመቶ ዳገት ነው ይላል። ይህ ቁጥር የትኛውንም ዳገት አይገልጽም። ከፍታው የተሰበሰበው ከሽቅቦቹ ብቻ ሲሆን፣ ርቀቱ ግን ሜዳውንም ቁልቁለቱንም ይዟል። ያ 120 ሜትር በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ብቻ የተወጣ ከሆነ እውነተኛው ዳገት 6 በመቶ ነበር። ደንቡ አንድ ነው፤ ሽቅቡ ከሚጀምርበት እስከሚያበቃበት ያለውን ብቻ ቆርጦ ማካፈል።

አማካዩ ራሱም ይደብቃል። ሌላ ባለ 600 ሜትር ዳገት በምናባችን እንውሰድ፤ የመጀመሪያው 300 ሜትር 2 በመቶ፣ ቀሪው 300 ሜትር 7 በመቶ ይሁን። መጀመሪያ 6 ሜትር፣ ቀጥሎ 21 ሜትር፣ በድምሩ 27 ሜትር ይወጣል። አማካዩ 4.5 በመቶ ነው፣ ከቦስተኑ ጋር እኩል። ሯጩ ግን ሁለቱን እኩል አድርጎ ከሮጣቸው ታችኛው ላይ እየተዝናና ላይኛው ላይ ይታነቃል። ዳገቱ የሚቀያየር ከሆነ በየ200 ወይም 300 ሜትሩ ከፋፍሎ ማስላት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋጋው እንሂድ። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ለሩጫ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ለመገመት የሚጠቀምበት የቆየ ቀመር አለ። በዚያ ቀመር ውስጥ ወደ ፊት የምንሄዳት አንድ ሜትር 0.2፣ ወደ ላይ የምንወጣት አንድ ሜትር 0.9 ተብለው ይያዛሉ። ሁለቱን ብናካፍላቸው 4.5 ይወጣል። ይህን ነው በጭንቅላት መያዝ፤ ወደ ላይ የተወጣች አንድ ሜትር በሜዳ ላይ አራት ሜትር ተኩል እንደመሮጥ ታስከፍላለች። ከመቶኛ አንጻር ስናየው፣ እያንዳንዱ 1 በመቶ ዳገት የሩጫውን ዋጋ በ4.5 በመቶ ይጨምራል።

ጣሊያናዊው ተመራማሪ አልቤርቶ ሚኔቲና ባልደረቦቹ በ2002 ያሳተሙት ጥናት ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ልምድ ያላቸውን የተራራ ሯጮች በመሮጫ ማሽን ላይ ከቁልቁለት እስከ ቀጥ ያለ ዳገት አስሩጠው የሚተነፍሱትን ለኩ። ከእነሱ ቀመር ስናሰላ፣ በ5 በመቶ አካባቢ ባለ ዳገት ላይ አንዷ ሜትር ሽቅብ የስድስት ሜትር ሜዳ ያህል ታስወጣለች። ዳገቱ በከፋ ቁጥርም ዋጋው ከዚያ ይጨምራል። እኔ ሁለቱን እንደ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን እይዛቸዋለሁ፤ እውነቱ በመካከላቸው የሆነ ቦታ ነው፣ ከሯጭ ሯጭም ይለያያል።

እንግዲህ ልብ ሰባሪውን እናስላው። 27 ሜትር በ4.5 ሲባዛ 121 ሜትር፣ በ6 ሲባዛ 162 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ያ 600 ሜትር መንገድ ለሰውነታችን ከ720 እስከ 760 ሜትር የሚደርስ ሜዳ ነው።

ማራቶኑን በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ እየሮጠ ያለ ሰው እንውሰድ። በሜዳ ላይ 600 ሜትር በ3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይጨርሳል። ድካሙን ሳይጨምር ዳገቱን ከወጣ ግን 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ እስከ 4 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰዓቱ ላይ የሚያየው ፍጥነት በኪሎ ሜትር ከ7 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ እስከ 7 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ነው። ስለዚህ በዚያ ዳገት ላይ ሰዓቱ 7 ከ20 ቢለው ደክሟል ማለት አይደለም፤ ልክ በሚገባው ፍጥነት እየሄደ ነው። 8 ከ30 ቢለው ግን ከዳገቱ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

በኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ለሚሮጥ አትሌት ያው 27 ሜትር ከ22 እስከ 29 ሰከንድ ብቻ ያስወጣዋል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የአሰልጣኞች ቋንቋ መታረም አለበት። ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ ዳገት በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ሰከንድ ጨምር የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። ሰከንዱ አብዛኛውን ጊዜ የተወሰደው ከፈጣኖቹ ነው። ቀርፋፋው ሯጭ ያንኑ ሰከንድ ከተጠቀመ ከአቅሙ በላይ እየሮጠ ነው፤ እሱ ያንን ዳገት ለመውጣት እጥፍ ጊዜ ስለሚፈጅበት እጥፍ ሰከንድ ያጣል። ሰከንድ ሳይሆን በመቶ መጨመር ሁሉንም በየአቅሙ ያስኬዳል።

ፍጥነቴን አልቀንስም የሚል ምን ይገጥመዋል? ሜዳ ላይ ከኦክስጅን አቅሙ ሦስት አራተኛውን እየተጠቀመ የሚሮጥ ሰው፣ በ4.5 በመቶ ዳገት ላይ ያንኑ 6 ደቂቃ ልያዝ ካለ ፍላጎቱ ከ20 እስከ 27 በመቶ ያድጋል። ይህም ከአቅሙ 90 ወይም 95 በመቶ ላይ ያደርሰዋል። በአምስት ኪሎ ሜትር ውድድር መጨረሻ ላይ የሚጠበቅ ጥረት ነው። በማራቶን 33ኛ ኪሎ ሜትር ላይ፣ በጡንቻው ውስጥ ያለው ስኳር ሊያልቅ በተቃረበበት ሰዓት፣ ሦስት ደቂቃ ተኩል እንዲህ መሮጥ አንድ ደቂቃ ለማዳን ብሎ ከፊቱ ባሉት የመጨረሻ ኪሎ ሜትሮች ብዙ ደቂቃ መክፈል ነው።

ታዲያ ዋጋው ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ዳገቱ ልብ የሚሰብረው ለምንድን ነው? መልሱን ሲሳይ ለማ በ2024 ካሸነፈበት ውድድር ላይ ማንበብ ይቻላል። ሲሳይ ከመጀመሪያው ብቻውን ወጥቶ ግማሹን ርቀት በ1 ሰዓት ከ19 ሰከንድ አለፈ። እጥፉ 2 ሰዓት ከ38 ሰከንድ ነው፤ ኬልቪን ኪፕቱም በቺካጎ ካስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን በሦስት ሰከንድ ብቻ የሚዘገይ። ውድድሩን ግን በ2:06:17 ጨረሰ፤ ማለትም ሁለተኛውን ግማሽ በ1:05:58 ሮጠ። በሁለቱ ግማሾች መካከል 5 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ልዩነት አለ።

ይህን ሁሉ በዳገት ማሳበብ እንችላለን? እንሞክር። በእሱ ፍጥነት አንድ ሜትር ሽቅብ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አትበልጥም። 339 ሰከንድ በዳገት ብቻ ለማጣት 300 ሜትር ያህል፣ ከዚያም በላይ መውጣት ይኖርበታል። በኒውተን ያሉት አራቱ ዳገቶች ተደምረው እዚያ አይጠጉም። ዳገቱ ከሚገባው ድርሻ የሚበልጠው ጊዜ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው።

አንዱ ቦታ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ፍጥነት። ሌላው ግን ቁልቁለቱ ነው። ቦስተን ከሆፕኪንተን ተነስቶ መሃል ከተማ እስኪደርስ በድምሩ ወደ 140 ሜትር ይወርዳል፤ የመውረዱ ዋና ድርሻም ከኒውተን በፊት ያለው መንገድ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ለክብረ ወሰን የሚፈቅደው በኪሎ ሜትር አንድ ሜትር መውረድን ነው፣ በመቶ ሲሰላ 0.1። ቦስተን በኪሎ ሜትር ከሦስት ሜትር በላይ ይወርዳል። በ2011 ጄፍሪ ሙታይ እዚያ 2:03:02 ሲገባ የዚያን ጊዜ ፈጣኑ ሰዓት ቢሆንም ክብረ ወሰን ሆኖ ያልተመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚያ ላይ መነሻና መድረሻው ከሚፈቀደው በላይ የተራራቁ ናቸው።

ቁልቁለት በወረቀት ላይ ይከፍላል። በሚኔቲ ቀመር በ5 በመቶ ቁልቁለት ላይ አንዷ የወረድናት ሜትር ከ4.7 ሜትር ሜዳ ታድነናለች። ስድስት አውጥተን 4.7 ተመለሰልን ማለት ነው፤ ወጥቶ መውረድ እኩል አያወጣም። ቁልቁለቱ እየከፋ ሲሄድ የሚመለሰው ያንሳል። 20 በመቶ ላይ አንዷ ሜትር የምትመልሰው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ታች መሮጡ ራሱ እየከበደ ይመጣል፣ ምክንያቱም ሯጩ ጉልበቱን የሚያወጣው ለመሄድ ሳይሆን ራሱን ለመያዝ ነው። ይህም የተለካው ጠጠር፣ መታጠፊያና ሕዝብ በሌለበት ማሽን ላይ መሆኑን መርሳት የለብንም። ስትራቫ የሚባለው የሯጮች መተግበሪያ ይህን ቀመር ከብዙ ተጠቃሚዎቹ የልብ ምት ጋር አስተያይቶ ሲያሻሽለው፣ ቁልቁለት የሚሰጠው ጥቅም ከተባለው ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ኦክስጅን መለኪያ የማይቆጥረው ነው። ስንወርድ የጭናችን ፊት ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ እየተለጠጠ የሰውነታችንን ክብደት ያቆማል። እየተኮማተረ ከሚሠራው ይልቅ እየተለጠጠ የሚሠራ ጡንቻ ኦክስጅን የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ ጭረቶቹ ግን በቀላሉ ይጎዳሉ። ስለዚህ ትንፋሹ አልበዛም፣ ልቡም አልፈጠነም፣ ሯጩ ዛሬ ቀኔ ነው ይላል። ጉዳቱ የሚታወቀው መንገዱ ሽቅብ ሲዞር ነው። ያኔ የተሰበረውን ልብ ሥራ የሠራው ቀደም ሲል የወረደው ቁልቁለት ሆኖ ሳለ ስሙን ኮረብታው ተሸከመ። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ በ1963 በዚሁ መንገድ ላይ 29 ኪሎ ሜትር ያህል በክብረ ወሰን ፍጥነት አብረው ሮጠው ነበር። ኒውተን ላይ ሲደርሱ በቀዝቃዛው ነፋስና በዳገቶቹ ሁለቱም ወደ ኋላ ቀሩ፤ አበበም አምስተኛ ወጣ። በሮምና በቶኪዮ የማይረታ የነበረው ሰው ነው።

ይህን ስሌት ወደ ሀገር ቤት ስናመጣው አንድ ነገር ይጨመርበታል። እንጦጦ ላይ ዳገት ብቻ የለም፣ የአየሩ መሳሳትም አለ። ከከተማው 2400 ሜትር አካባቢ ወደ 3000 ሜትር ስንወጣ የአየሩ ግፊት 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አንዷ የወጣናት ሜትር ያው የአራት ተኩል ወይም የስድስት ሜትር ሜዳ ዋጋ አላት፤ የተለወጠው ሜዳውን ራሱን የምንሮጥበት አቅም ነው። በዘመናዊ ሰዓቶችና መተግበሪያዎች ላይ GAP ተብሎ የሚታየው፣ ዳገቱን አስተካክሎ የሜዳ ፍጥነታችንን የሚነግረን ቁጥር ተዳፋቱን ብቻ ያሰላል እንጂ የኦክስጅኑን እጥረት አይቆጥርም። ስለዚህ እንጦጦ አናት ላይ ያ ቁጥር ሰነፍ ቢያስመስለን አንደንግጥ። ነፋስ፣ ጭቃና ለስላሳ አፈርም እንዲሁ ከሒሳቡ ውጭ ናቸው።

ለቦስተን የሚዘጋጅ ሰው፣ ሲያትልም ይኑር ሰንዳፋ፣ ከዚህ ሁለት ሥራ ይወጣለታል። የመጀመሪያው የወረቀት ነው፤ ከውድድሩ በፊት ዳገቶቹን አንድ በአንድ ቆርጦ ከፍታቸውን በ5 አባዝቶ እንደ ተጨማሪ ርቀት መያዝ። 27 ሜትር ሲወጣ 135 ሜትር፣ 15 ሜትር ሲወጣ 75 ሜትር። ያንን ትርፍ ርቀት በሜዳ ፍጥነቱ የሚሮጥበትን ጊዜ ለዚያ ኪሎ ሜትር ይፈቅድለታል፤ በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ለሚሮጠው ለ135 ሜትር 49 ሰከንድ ይሆናል። ሁለተኛው የእግር ሥራ ነው። ብዙ ሯጭ ዳገት ይሠራና ቁልቁለቱን እየተራመደ ይመለሳል። ጡንቻ ግን አንድ ጊዜ ከቁልቁለት ከተጎዳና ካገገመ፣ ለሳምንታት ያህል ተመሳሳይ ቁልቁለት ያን ያህል አይጎዳውም። ስለዚህ ከውድድሩ አንድ ወር በፊት ጀምሮ ከ3 እስከ 5 በመቶ ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ መጀመሪያ አጠር አድርጎ፣ በውድድር ፍጥነት መውረድ ይጠቅማል። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያስቸግራል፤ የሚጠበቅ ነው። ለዚህም ነው የመጨረሻው የቁልቁለት ልምምድ ከውድድሩ ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብሎ ማለቅ ያለበት።